የደመወዝ ግብር ስሌቱ አልቋል፤ ግን ልክ ነው? ምልክቱ፣ መንስኤው፣ ማስተካከያው

ፔሮሉ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ እያንዳንዱን መስመር እንደገና ማስላት ጊዜ ይፈጃል፤ ያው ሰው ያንኑ ስህተት ሊደግመውም ይችላል። የሚሻለው ከሌላ አቅጣጫ መፈተሽ ነው። እዚህ የምንጠቀመው በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 የተሻሻለውን የወር ሠንጠረዥ ነው፦

- እስከ 2,000 ብር፦ ነፃ
- እስከ 4,000፦ 15%፣ ተቀናሽ 300
- እስከ 7,000፦ 20%፣ ተቀናሽ 500
- እስከ 10,000፦ 25%፣ ተቀናሽ 850
- እስከ 14,000፦ 30%፣ ተቀናሽ 1,350
- ከ14,000 በላይ፦ 35%፣ ተቀናሽ 2,050

ምልክት፦ በሁለት ሠራተኞች መካከል ያለው የግብር ልዩነት በዝቷል ወይም አንሷል

ሠራተኞቹን ከዝቅተኛ ደመወዝ ወደ ከፍተኛ ደርድሯቸው። ከዚያ የጎረቤታሞቹን የግብር ልዩነት ለደመወዛቸው ልዩነት አካፍሉ። ውጤቱ ከሁለቱ እርከኖች መጣኔ መውጣት የለበትም፤ ሁለቱም አንድ እርከን ውስጥ ከሆኑ ደግሞ ቁርጥ ያንኑ መጣኔ መስጠት አለበት።

ሦስት ሠራተኞች እንውሰድ። የ12,500 ብር ደመወዝተኛው ግብር 2,400፣ የ18,000ው 4,520፣ የ25,000ው 6,700 ተብሎ ተጽፏል። የመሃሉን ግብር ለደመወዙ ብናካፍለው 25.1% ይመጣል። ከበታቹ 19.2%፣ ከበላዩ 26.8% ስለሆነ በዚህ ብቻ ካየነው ምንም አይጎረብጥም። ልዩነቱን ስናካፍል ግን ጉዱ ይወጣል፦ 2,120 ለ5,500 ሲካፈል 38.5% ነው። በሠንጠረዡ ውስጥ ከ35% የሚበልጥ መጣኔ ስለሌለ ይህ ሊሆን አይችልም። ወደ ላይ ደግሞ 2,180 ለ7,000 31.1% ይሰጣል፤ ሁለቱም ከ14,000 በላይ ናቸውና በትክክል 35% መሆን ነበረበት። ሁለቱም ልዩነቶች የሚጠቁሙት የመሃሉን መስመር ነው። ትክክለኛው ግብር 4,250 ነው።

ምልክት፦ የእርከኑ ድምር ከግብሩ ዓምድ ጋር አይገጥምም

ሠራተኛው ብዙ ከሆነ በእርከን ጠቅልሎ ማስላት ይቀላል። የእርከኑን ደመወዝ ደምሮ በመጣኔው ማባዛት፣ ከዚያ ተቀናሹን በሰው ብዛት አባዝቶ መቀነስ ነው። ጥቅል ክፍያው C ዓምድ ላይ ከሆነ ለላይኛው እርከን ይህን ጻፉ፦

```
=SUMIF(C2:C7,">14000")*35%-COUNTIF(C2:C7,">14000")*2050
```

በምሳሌያችን 43,000 በ35% 15,050 ነው፤ የሁለት ሰው ተቀናሽ 4,100 ሲነሳለት 10,950 ይቀራል። ዓምዱ ግን 11,220 ይላል። የ270 ብር ልዩነት አለ።

መንስኤውን ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ራሱ ይናገራል። 270 ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አሃዞች ሲቀያየሩ የሚፈጠረው ልዩነት ምንጊዜም እንዲህ ነው። እዚህ 4,250 በእጅ ሲገለበጥ 4,520 ሆኗል። ለ9 መካፈሉ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ልዩነቱ 900 ከሆነ ከታች ያለውን የትርፍ ሰዓት ጉዳይም እዩ። ልዩነቱ የ550 ብዜት ከሆነ ደግሞ በላይኛው እርከን የቀድሞው ሠንጠረዥ ተቀናሽ፣ 1,500፣ ሳይቀየር ቀርቷል፤ በአንድ ሰው 550 ብር ትርፍ ያስከፍላል። ማስተካከያው ቁጥሩን በየመስመሩ ማረም ሳይሆን ቀመሩን አርሞ እስከ ታች መጎተት ነው። ልዩነቱ ጥቂት ሳንቲም ብቻ ከሆነ ዓምዱ የሚያሳየው የተጠጋጋ፣ የሚደምረው ያልተጠጋጋ ቁጥር ነው፤ የየመስመሩን ቀመር `ROUND(…,2)` ውስጥ አስገቡት።

ምልክት፦ ትርፍ ሰዓት የሠራው ሠራተኛ ግብር ብዙም አልጨመረም

16,000 ብር ደመወዝ ያለው ሰው 3,000 ብር የትርፍ ሰዓት ሲያገኝ ግብሩ በ1,050 መጨመር አለበት፤ የ3,000 35% ማለት ነው። ከ3,550 ወደ 3,700 ብቻ ከፍ ካለ፣ የትርፍ ሰዓቱ ለብቻው እንደ ሌላ ደመወዝ ተሰልቶ 15% እና ተቀናሽ 300 አግኝቷል። ሁለቱን ደምሮ አንድ ጊዜ ማስላት ነው፦ 19,000 በ35% ሲቀነስ 2,050፣ 4,600 ብር። የጎደለው 900 ብር ነው። ይህ ስህተት የሚበዛው የትርፍ ሰዓት በሌላ ሺት ሲሠራ ነው።

ምልክት፦ ሁሉም ይገጥማል፣ ጠቅላላው ግብር ግን ካለፈው ወር አንሷል

ከላይ ያሉት ማጣሪያዎች የሚይዙት የስሌት ስህተትን ነው፤ ከመነሻው ያልገባ ክፍያን አያዩም። ለዚህ የጡረታውን ዓምድ ተጠቀሙ። ሠራተኞቹ በሙሉ የጡረታ አባል ከሆኑ የሠራተኛውን መዋጮ ድምር ለ0.07 አካፍሉ፤ የመነሻ ደመወዝ ድምር ይመጣል። ግብር ከተሰላበት ጥቅል ክፍያ ላይ ይህን ስትቀንሱ የሚቀረው ከግብር የሚገቡት አበሎችና የትርፍ ሰዓት ብቻ መሆን አለበት። ዜሮ ከመጣና በወሩ የትርፍ ሰዓት ተከፍሎ ከነበረ፣ ያ ሺት ከፔሮሉ ጋር ሳይገናኝ ቀርቷል።