ለምረቃ ልጥፍ ስንት ፎቶ፣ የትኛውስ ይቅደም?

ኢንስታግራም በአንድ ልጥፍ እስከ 20 ፎቶ ይቀበላል፤ ለምረቃ ግን ከ5 እስከ 7 ይበቃል። መጀመሪያ ጽሑፉን ጻፉ፣ ፎቶውን ከዚያ ምረጡ። «ከ5 ዓመት በኋላ ጋወን ለበስኩ፤ እማዬ፣ እንኳን ደስ አለሽ» ካላችሁ፣ ፊታችሁ ጎልቶ የሚታይበት የጋወን ፎቶ ይቅደም፣ የአንደኛ ዓመት የዶርም ፎቶ ይከተል (ደብዛዛ ቢሆንም ግድ የለም)፣ ቀጥሎ እናታችሁ አበባ ይዘው። ጋወን ለብሳችሁ በተመሳሳይ አቋም የተነሳችሁት ሌላ ፎቶ ካለ አንዱን ጣሉት።

የጓደኞች ፎቶ መጨረሻ ይግባ፤ በስልክ ላይ ፊቱ ሁሉ የምስር ፍሬ ያክላል። ደግሞ የሁሉንም ቅርጽ የሚወስነው የመጀመሪያው ፎቶ ነው። እሱ በቁመት ከሆነ፣ በአግድም የተነሳው የጓደኞች ፎቶ ግራና ቀኙ ይቆረጣል። ከመለጠፋችሁ በፊት እያንዳንዱን ገልጣችሁ ዳር የቆመው ሰው መኖሩን እዩ።