ሰዓቴ በጉን ሸጠብኝ

የደብረ ብርሃን ጠዋት ብርዱ ስለማይቻል ስሮጥ የሹራቤን እጅጌ እስከ መዳፌ እጎትታለሁ። ባለፈው ሳምንት ከሩጫ ስመለስ መንዝ ያለው ወንድሜ ደወለና «እሺ ስላልከኝ በጉን ባሉት ዋጋ ሰጠኋቸው» አለኝ። እኔ ምንም አላልኩም! ስልኬን ስከፍት ግን «ልሽጠው?» ከሚለው መልእክቱ ሥር OK ተልኳል። ለወንድሜ በእንግሊዝኛ ጽፌ አላውቅም፤ ቃሉ ከስልኬ ጋር በተገናኘው ስማርት ሰዓቴ ላይ ከተደረደሩት ዝግጁ መልሶች የመጀመሪያው ነው።

ቤት ገብቼ ሞከርኩት። ደረቁን እጅጌ የሰዓቱ መስታወት ላይ ባሸው ምንም አልሆነም። በውሃ አርሼ ስጫነው ግን ልክ እንደ ጣት ተቀበለው። መስታወቱ የሚለየው የኤሌክትሪክ ለውጥን እንጂ ጣትን አይደለም፤ ደረቅ ጨርቅ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ በላብ የራሰ ግን ያስተላልፋል።

አሁን ከመሮጤ በፊት የጠብታ ምልክት ያለበትን የውሃ መቆለፊያ አበራለሁ። መስታወቱ መነካትን አይቀበልም፤ በእኔ ሰዓት የሚከፈተው የጎኑን ቁልፍ ተጭኖ በመቆየት ነው። ጉዳቱ የሩጫ ቆጠራውንም በመንካት ማቆም አለመቻሉ ነው፤ ለምጄዋለሁ።

በተጨናነቀ ታክሲ ውስጥ ግን መቆለፉን እረሳለሁ፤ የጎረቤት እጅ ደግሞ እውነተኛ ጣት ነው። ስለዚህ መልእክት ሲመጣ መስታወቱ በራሱ እንዳይበራ አደረግኩ፤ ከዝግጁ መልሶቹም OK እና Yes የሚሉትን በስልኬ መተግበሪያ ሰርዤ «ቆይቼ እደውላለሁ» የሚለውን ብቻ ተውኩ። ተሳስቶ ቢላክም በግ አያሸጥም።

ወንድሜ ግን አሁንም መልስ ስልክለት ደውሎ «አንተ ነህ ወይስ ሰዓቱ?» ይለኛል።