ሲግማን ዘርዝሮ መደመር፦ የተሳሳተው መልስ ራሱ የሚናገረው (ችግርና መፍትሄ)

ከማህል ሜዳ መጥታ እዚህ ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይታ የምትማር የ12ኛ ክፍል ተማሪ ቅዳሜ ከሰዓት ደብተሯን ይዛ መጣች። ጥያቄው ይህ ነበር፦

```
  7
  Σ  (2k − 1)
 k=3
```

መልሷ 18 ነው። ትክክለኛው 45 ነው። «ጋሼ፣ ተክቼ ደምሬዋለሁ እኮ! ምኑ ጋ ነው የሳትኩት?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ተክታለች፣ ደምራለችም። ይህንኑ ጥያቄ ለብዙ ልጆች ሰጥቼ አይቻለሁ። የሚመጡት ስህተቶች ግን ብዙ አይደሉም፤ 18፣ 32 እና 49 እየተመላለሱ ይመጣሉ። እያንዳንዱ የራሱ ምክንያት ስላለው፣ መልሱን ብቻ አይቶ ልጁ የት ላይ እንደሳተ መገመት ይቻላል። 49 ብቻ ያስቸግራል፤ እሱ ጋ ስንደርስ ታያላችሁ።

መጀመሪያ ምልክቱን እናንብበው። Σ የግሪክ ፊደል ነው፤ ድምፁ የእኛ «ስ» ነው። በላቲን ድምርን የሚገልጸው ቃል የሚጀምረው በዚሁ ድምፅ ሲሆን፣ ፊደሉን ለድምር ያዋለው የሂሳብ ሊቁ ሌኦናርድ ኦይለር ነው፤ በ1755 (እንደ ፈረንጆቹ)። ምልክቱ ትእዛዝ ነው፤ የሚነበበውም ከታች ወደ ላይ ነው፦ k ከ3 ይነሳል፤ አንድ አንድ እየጨመረ ይሄዳል፤ 7 ላይ ይቆማል። በደረሰበት ቁጥር ሁሉ 2k − 1 ስንት እንደሚሆን ይጻፋል፤ መጨረሻ ላይ የተጻፈው በሙሉ ይደመራል። k ራሱ መልሱ ውስጥ አይቀርም፤ ቆጣሪ ነው፣ ቆጥሮ ይሄዳል። በ k ፋንታ i ወይም j ቢጻፍም ለውጥ የለውም።

መልሱ 18 ሲሆን

የልጅቱ ደብተር ላይ እንዲህ ይላል፦

```
(2·3 − 1) + (2·7 − 1) = 5 + 13 = 18
```

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሲግማው ላይ በዓይን የሚታዩት ቁጥሮች 3 እና 7 ብቻ ስለሆኑ፣ የሚተኩትም እነሱ ብቻ መሰሏት። 4፣ 5 እና 6 የትም አልተጻፉም፤ ያልተጻፈን ነገር መተካት ለጀማሪ አይታሰበውም።

እኔ የምነግራቸው በሚያውቁት መንገድ ነው። ሚኒባስ ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ሸዋ ሮቢት ሲሄድ መስታወቱ ላይ የሚለጠፈው «ደብረ ብርሃን – ሸዋ ሮቢት» ነው። ጣርማበር፣ ደብረ ሲና እና አርማንያ አልተጻፉም። ረዳቱ ግን በየደረሰበት እየወረደ ሰው ይጭናል። የሲግማው ግርጌና አናትም እንደ መስታወቱ ጽሁፍ መነሻና መድረሻ ነው፤ በመሃል ያሉት ከተሞች ይቀራሉ ማለት አይደለም።

መፍትሄው መተካቱን በአንድ መስመር ለመጨረስ አለመሞከር ነው። የ k ዋጋዎችን በቅድሚያ ወደ ታች ጻፏቸው፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ቀኝ እየሄዳችሁ አስሉ፦

```
k = 3   2·3 − 1 = 5
k = 4   2·4 − 1 = 7
k = 5   2·5 − 1 = 9
k = 6   2·6 − 1 = 11
k = 7   2·7 − 1 = 13
```

አሁን ሲግማው ተራ መደመር ሆነ፦ 5 + 7 + 9 + 11 + 13 = 45። ወረቀት ይፈጃል የሚል ልጅ አለ። ይፍጅ። በስድስተኛው ሰባተኛው ጥያቄ ላይ እጁ ራሱ ያሳጥረዋል።

መልሱ 32 ሲሆን

32 የሚመጣው ከ 5 + 7 + 9 + 11 ነው፤ የ k = 7 ቀርቷል ማለት ነው። አንዳንዴ ደግሞ የመጀመሪያው ቀርቶ 40 ይመጣል። በሽታቸው አንድ ነው፦ ልጁ «ከ3 እስከ 7 ስንት ነው?» ብሎ 7 − 3 = 4 አወጣና አራት ቁጥሮች ከጻፈ በኋላ በቃኝ አለ። አራት መሆናቸውን ስለቆጠረ በመልሱ ይተማመናል፤ ስለዚህ ይህን ስህተት በራስ ማግኘት ከ18 ይልቅ ይከብዳል።

ወደ ሚኒባሳችን እንመለስ። ደብረ ብርሃን፣ ጣርማበር፣ ደብረ ሲና፣ አርማንያ፣ ሸዋ ሮቢት፦ አምስት ከተማ። በመካከላቸው ያለው ጉዞ ግን አራት ነው። 7 − 3 የሚቆጥረው ጉዞውን ነው። ሲግማ የሚሰበስበው ከየከተማው ነው፤ መነሻውም መድረሻውም ይሰበሰባሉ። ስለዚህ የሚደመሩት ቁጥሮች ብዛት ከላይኛው ላይ ታችኛው ተቀንሶ አንድ ሲጨመር ነው፦ 7 − 3 + 1 = 5።

ይህን ቁጥር ከመዘርዘራችሁ በፊት በደብተሩ ጠርዝ ላይ ጻፉት። ዘርዝራችሁ ስትጨርሱ ረድፎቹን ቁጠሩና ከጠርዙ ጋር አስተያዩ። ካልተስማሙ መደመር አትጀምሩ፤ መጀመሪያ የጎደለውን ፈልጉ። እዚህ ላይ ግትር መሆን ይሻላል፤ የተሳሳተ ዝርዝር ከተደመረ በኋላ ስህተቱ አይታይም።

መልሱ 49 ሲሆን

ይህ ለብቻው ይታይ። 49 በሁለት ፍጹም የተለያዩ መንገዶች ይመጣል፤ መልሱን ብቻ አይቶ የሚያርም አስተማሪ ሁለቱን ልጆች አንድ ዓይነት ምክር ሰጥቶ ሊሸኝ ይችላል።

የመጀመሪያው ልጅ እንዲህ ጽፏል፦

```
1 + 3 + 5 + 7 + 9 + 11 + 13 = 49
```

ይህ ልጅ የ k መነሻን አላየም። ክፍል ውስጥ የሠራቸው ምሳሌዎች ሁሉ ከ k = 1 ስለጀመሩ እጁ ለምዶት ከ1 ጀመረ። በጠርዙ ላይ 5 የሚል ጽፎ ቢሆን ኖሮ ሰባት ረድፍ ሲያይ ወዲያው ይነቃ ነበር። መድኃኒቱ የሲግማውን ግርጌ ማክበብ ነው፤ ለዓይን ነው እንጂ ሂሳብ አይደለም።

ሁለተኛው ልጅ ይበልጥ ያወቀ ነው፤ ስህተቱም የአዋቂ ነው፦

```
6 + 8 + 10 + 12 + 14 − 1 = 50 − 1 = 49
```

አምስቱንም ረድፍ አልሳተም። ግን ሲግማው የ 2k ብቻ መሰለው፤ የ 1ን መቀነስ ደግሞ መጨረሻ ላይ አንዴ ብቻ አደረገው። ቅንፉ ግን 2k − 1 በሙሉ የሲግማው መሆኑን ይናገራል። ስለዚህ 1 የሚቀነሰው በየረድፉ ነው፤ ረድፉ አምስት ስለሆነ የሚቀነሰው 5 ነው፦ 50 − 5 = 45። ረዳቱ በየከተማው አንድ ብር ለተራ አስከባሪ የሚሰጥ ከሆነ፣ ሮቢት ሲደርስ ያወጣው አንድ ብር ሳይሆን አምስት ብር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጥያቄው ያለ ቅንፍ `Σ 2k − 1` ተብሎ ቢጻፍ ሁለተኛው ልጅ ባልተሳሳተም ነበር። ያለ ቅንፍ ሲጻፍ የተለመደው አነባበብ ሲግማው የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክት ጋ ሲደርስ ያቆማል የሚል ነው። ይሁንና ቅንፉን ማድረግ ረስቶ ሁሉንም ማለቱ የሚሆን ጸሐፊም አለ። በምርጫ ፈተና ላይ 45 እና 49 አብረው ከቀረቡ ጠያቂው ይህንን መለየታችሁን እየፈተነ ነውና ቅንፉን አጥብቃችሁ ፈልጉት። እናንተ ራሳችሁ ስትጽፉ ግን ቅንፍ አትንፈጉ።

k የሌለበት ሲግማ

ከላይ ያለው የ 1 ነገር ከገባችሁ ይህም አያስቸግርም።

```
  4
  Σ  5
 k=1
```

ብዙዎች 5 ብለው ያልፋሉ፤ «የምተካበት k የለም» ይላሉ። የሚተካበት የለም ማለት ግን ረድፉ የለም ማለት አይደለም። k ከ1 እስከ 4 ሲሄድ አራት ጊዜ ይደርሳል፤ በደረሰ ቁጥር የሚያገኘው 5 ነው። 5 + 5 + 5 + 5 = 20። አራት ወር ሙሉ በየወሩ 5 ብር የእድር የከፈለ ሰው 20 ብር ከፍሏል፤ ወሩ ቢለዋወጥም ክፍያው አልተለወጠም።

ምልክት የሚቀያይረው

የ −1 ኃይል ያለበት ሲግማ ላይ ስህተቱ ብዙ ጊዜ የካልኩሌተር ነው። `(−1)ᵏ · k²` ን ከ1 እስከ 4 ዘርዝሩ ሲባል ልጆቹ −1 − 4 − 9 − 16 = −30 ያመጣሉ። ካልኩሌተሩ ላይ ያለ ቅንፍ −1² ብለው ስለሚያስገቡ፣ ብዙዎቹ ማሽኖች 1ን በራሱ አባዝተው ከዚያ በኋላ የመቀነስ ምልክቱን ያደርጉበታል፤ −1 ይመጣል። ቅንፍ ካለ ግን (−1)² = 1 ነው። k ጎዶሎ ሲሆን ምልክቱ መቀነስ፣ ተጋማሽ ሲሆን መደመር ይሆናል፦ −1 + 4 − 9 + 16 = 10። ካልኩሌተሩን ትቶ በእጅ መሥራቱ ይፈጥናል።

ልጅቱ ሳትሄድ አንድ ሌላ ሰጠኋት፦

```
  4
  Σ  (k² + 1)
 k=0
```

ግርጌውን አከበበች። በጠርዙ ላይ 4 − 0 + 1 = 5 ብላ ጻፈች። ቀጥላ ወደ ታች ዘረዘረች፤ 2፣ 5፣ 10፣ 17። ደምራ 34 ልትል አፏን ከፈተችና ቆመች፤ ረድፉ አራት ነው፣ ጠርዙ አምስት ይላል። ትንሽ አሰበች። «ዜሮ ምንም ስለሆነ ዘለልኩት» አለች። ዜሮን ብትተካው ግን 0² + 1 = 1 ነው። ከላይ ባዶ በተወችው ቦታ k = 0 ብላ ጻፈችና 1 + 2 + 5 + 10 + 17 ን ደመረች። 35።