የክፍላችንን የቤት ሥራ በትንሽ ዳታ እንዴት ማውረድ ይቻላል? ለ7ኛ ክፍል ወላጆች የተሰጠ ማሳሰቢያ

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

የሳምንቱ የቤት ሥራ ዘወትር ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ፣ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ በክፍላችን የጎግል ድራይቭ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል፤ የፎልደሩም ሊንክ በወላጆች ግሩፕ አናት ላይ ይገኛል። ይህን ማሳሰቢያ የምጽፈው አንዲት እናት ባለፈው ወር ከሳቢያን ድረስ መጥተው «መምህር፣ ሃምሳ ሜጋ ገዝቼ ዳታ አበራሁ፤ የልጄን የቤት ሥራ ሳላይ አለቀብኝ» ስላሉኝ ነው። ስልካቸውን ተቀብዬ የትኛው አፕ ስንት እንደተጠቀመ አብረን ተመለከትን። ከሃምሳው ሜጋ 31ዱን የወሰደው የመልእክት አፑ ነበር፤ በቤተሰብና በሰፈር ግሩፖች የተላኩ ቪዲዮዎችን ማንም ሳይነካቸው በራሱ አውርዷቸዋል። 14 ሜጋ የሄደው አፖችን ለማደስ ሲሆን፣ የቤት ሥራው ያለበት ድራይቭ የተጠቀመው 2 ሜጋ ብቻ ነው። የቀረውን ሌሎች አፖች ተካፍለውታል። ስለዚህ ዳታ የሚያልቀው በአብዛኛው በቤት ሥራው ምክንያት አይደለም፤ ዳታው እንደበራ ተሰልፈው በሚጠብቁት ሌሎች አፖች ነው።

በመሆኑም የመጀመሪያው ሥራ ዳታውን ከማብራታችሁ በፊት የሚሠራ ነው። የስልካችሁን «Settings» ከፍታችሁ ከላይ ባለው የፍለጋ ሳጥን «Data saver» ብላችሁ ጻፉ፤ የስልኩ ዓይነት ቢለያይም በዚህ መንገድ አይጠፋም። ማብሪያውን ስታበሩት፣ በማያ ገጹ ላይ ከፍታችሁ ከምትጠቀሙበት አፕ በስተቀር ሌሎቹ ከጀርባ ሆነው ዳታ እንዳይወስዱ ይታገዳሉ። ከዚያ በኋላ የቀራችሁን ሜጋ በ*804# አይታችሁ በወረቀት ላይ ጻፉት። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ፓኬጁ ሲያልቅ ዳታው በርቶ ከቆየ ሂሳቡ ከሞላችሁት ካርድ መቆረጥ ይጀምራል፣ ያም ከፓኬጁ እጅግ የከበደ ነው።

አሁን ዳታውን አብሩና ሊንኩን ንኩ። ፎልደሩ ሲከፈት ፋይሎቹ በትልልቅ ሥዕል ተደርድረው ከመጡ፣ ከላይ በኩል ያለውን ምልክት ነክታችሁ ወደ ዝርዝር ለውጡት፤ ሥዕሎቹም ቢሆኑ በዳታ የሚመጡ ናቸው። ከዚህ በኋላ ያለው የጉዳዩ ዋና ነጥብ ነው፦ የፋይሉን ስም አትንኩ። ስሙን ስትነኩ ፋይሉ ለማየት ይከፈታል፣ ለዚህም ዳታ ይወጣል፤ ካያችሁት በኋላ «ላውርደው» ስትሉ ደግሞ ለአንድ ፋይል ሁለት ጊዜ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። የምትነኩት ከስሙ ጎን ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነው፤ በሚመጣው ዝርዝር ውስጥ «Download» የሚለውን ትመርጣላችሁ።

መጠኑን ሳታዩ ግን አታውርዱ። ድራይቭ የፋይሉን መጠን በዚያው ዝርዝር ውስጥ ገባ ብሎ ያሳያል፤ ሆኖም ቦታው ከስልክ ስልክ ስለሚለያይ፣ እኔ ራሴ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ መጠኑን በፋይሉ ስም ላይ እጽፈዋለሁ። ለምሳሌ የዚህ ሳምንት የሒሳብ ወረቀት ስሙ እንዲህ ነው፦

```
Maths7_W03_240KB.pdf
```

መጨረሻው ላይ «KB» ካለ ፋይሉ ከአንድ ሜጋ በታች ስለሆነ ሳትሰጉ አውርዱት። «MB» ካለ ግን ከፊቱ ያለውን ቁጥር አንብቡ፤ ቁጥሩ ያህል ሜጋ ይቆረጣል ማለት ነው።

የዚህን ሳምንት ፎልደር እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ስድስት ፋይሎች አሉ። ሒሳብ 240 ኪሎ ባይት፣ አማርኛ 180፣ እንግሊዝኛ 210፣ ዜግነት 150 ኪሎ ባይት ነው፤ አራቱ ተደምረው አንድ ሜጋ አይሞሉም። አጠቃላይ ሳይንስ 1.8 ሜጋ ነው፤ የበዛበት ምክንያት በኮምፒውተር የተተየበ ሳይሆን በስልክ ፎቶ የተነሣ ገጽ ስለሆነ ነው። መጀመሪያ ሲደርሰኝ ከ9 ሜጋ በላይ ነበር፤ ጥቁርና ነጭ አድርጌ አሳነስኩት። እንግዲህ አምስቱ የቤት ሥራዎች በጠቅላላው ሦስት ሜጋ አይሞሉም። ስድስተኛው የሳይንስ ቪዲዮ ሲሆን 38 ሜጋ ነው። ቪዲዮው ለማብራሪያ ብቻ የተቀመጠ ስለሆነ ጥያቄዎቹን ያለ እሱ መሥራት ይቻላል፤ ዋይፋይ የምታገኙበት ቦታ ከሌለ ተዉት። ሰኞ በክፍል ውስጥ ስለማሳየው ያላየ ልጅ የሚያጣው ማርክ የለም።

ስታወርዱ ከትንሹ ጀምሩ፣ አንዱ ሳያልቅም ሌላውን አታስጀምሩ። ኔትወርኩ መሐል ላይ ቢቋረጥ የተጀመረው ፋይል ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ስለሚነሣ፣ እስከዚያ የወረደው ለኪሳራ ይሆናል። በ240 ኪሎ ባይት ላይ ቢሆን ብዙም አይጎዳም። ፋይሉ ወርዶ እስኪያልቅም ከድራይቭ አትውጡ፤ «Data saver» በርቶ ሳለ ወደ ሌላ አፕ ከሄዳችሁ ማውረዱ ሊቆም ይችላል።

ሁለት እንቅፋቶች በተደጋጋሚ ያጋጥማሉ። አንደኛው፣ «Download» ብላችሁ ምንም ሳይወርድ «Waiting for Wi-Fi» የሚል ጽሑፍ መምጣቱ ነው። ስልኩ አልተበላሸም፤ በድራይቭ «Settings» ውስጥ «Transfer files only over Wi-Fi» የሚለው በርቶ ነው። ለጊዜው አጥፉትና ስትጨርሱ መልሳችሁ አብሩት፣ ለሌላ ጊዜ ይጠብቃችኋል። ሁለተኛው «You need access» የሚለው ነው። ፎልደሩ ሊንኩ ላለው ሁሉ ክፍት ስለሆነ ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ይህ ከመጣ ሊንኩ ከሌላ ሰው ሲላክ መጨረሻው ተቆርጦ ደርሶ ሊሆን ይችላል። ግሩፑ ላይ ካለው እንደገና ክፈቱት።

ሲያልቅ ዳታውን አጥፉ። ከዚያም «Files» በሚለው አፕ ውስጥ «Downloads» የሚለውን ከፍታችሁ እያንዳንዱን ፋይል ዳታው እንደጠፋ ክፈቱት። ከተከፈተ በእርግጥ ስልኩ ላይ አለ ማለት ነው፤ ልጁ እስከ ሰኞ ድረስ ያለ ምንም ክፍያ ሊያየው ይችላል። *804# ደግማችሁ ብትደውሉ፣ አምስቱን ላወረደ ሰው በወረቀቱ ከጻፋችሁት የሚቀነሰው ከአምስት ሜጋ ብዙም መብለጥ የለበትም። ከዚያ በላይ ከቀነሰ ስልኩን ለልጁ ሰጥታችሁ ላኩልኝ፣ በእረፍት ሰዓት አየዋለሁ።

በአንድ ግቢ ወይም በአንድ ሰፈር የምትኖሩ ወላጆች ሁላችሁም ማውረድ አይጠበቅባችሁም። አንዱ ያወረደውን ለሌላው በብሉቱዝ ቢልክ ምንም ዳታ አይቆረጥም፤ አምስቱ ፋይሎች በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ያልፋሉ። በግሩፑ ላይ መልሳችሁ ባትለጥፉት ግን እመርጣለሁ፣ በብዙ ስልክ ላይ በራሱ ሊወርድ ይችላልና። የተሠራውን የቤት ሥራም ፎቶ አንስታችሁ አትላኩልኝ፤ መላክም እንደ ማውረድ ዳታ ይቆርጣል። ልጁ በደብተሩ ሠርቶ ሰኞ ጠዋት ይዞ ይምጣ። ስልክ በቤት ለሌላቸው ተማሪዎች የአምስቱ የታተመ ቅጂ ዓርብ ከመለቀቃቸው በፊት ከእኔ ጠረጴዛ ላይ ይወሰዳል።

የክፍሉ ኃላፊ መምህር
ድሬዳዋ