ለሲቪ የታረመ ፎቶ ሲመርጡ አንገትዎንና ጆሮዎን ይመልከቱ

ድሬዳዋ ውስጥ ለሲቪ ወይም ለሊንክድኢን ገጽ ፎቶ ተነሥተው ፎቶ ቤቱ ሁለት ሦስት የታረሙ አማራጮች ሲያቀርብልዎ፣ ከፊትዎ አስቀድመው አንገትዎንና ጆሮዎን ይመልከቱ። አራሚው አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀላውና የሚያለሰልሰው ፊትን ብቻ ስለሆነ፣ ከአገጭ ሥር የቀለም ድንበር ከታየ ወይም ጆሮ ከጉንጭ ጠቆር ብሎ ከቀረ እርማቱ በዝቷል ማለት ነው። ቀጥሎ ፎቶውን በስልክዎ አጉልተው ግንባርንና የፀጉርን መነሻ ይዩ፤ የቆዳው ቀዳዳዎች ጠፍተው ግንባሩ ፕላስቲክ ከመሰለ፣ ወይም የሻሹ ጠርዝ ከፎቶው በስተጀርባ ካለው ቀለም ጋር ከተዋሐደ፣ ማለስለሻው ወደ ሩቡ ዝቅ እንዲል ይጠይቁ።

በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር እኩለ ቀን ላይ የተነሡት ፎቶ ከሆነ ግን ችግሩ ሌላ ነው፤ ከላይ የሚወርደው ብርሃን ከዓይን ሥር ጥላ ይጥላል፣ ቅጠሉም ቆዳን ወደ አረንጓዴ ያደላዋል። እዚህ ላይ ጥላውን በጥቂቱ ማፍካትና ቀለሙን ማስተካከል ተገቢ ነው። ልኩን ለማወቅ ነጭ ሸሚዝዎን ማየት ይበቃል፤ እሱ በትክክል ነጭ ሲሆን ፊትም ወደ ራሱ ቀለም ይመለሳል። ብጉር ቢጠፋ አያስነቅፍም፤ ጠባሳና ማርያም የሳመችው ምልክት ግን ይቆዩ፣ ለቃለ መጠይቅ የሚቀርበው ያው ፊት ነውና።