ገና ሳይቀመጡ፦ አስተናጋጅና ባለሱቅ በመጀመሪያ ቃላቸው የሚሠሯቸው ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ የመንገድ ዳር ምግብ ቤት ውስጥ ሰባት ዓመት አስተናግጃለሁ። ከአዲስ አበባም ከባሕር ዳርም የሚመጡ አውቶቡሶች ለምሳ እዚያ ይቆሙ ነበር። በአንድ ጊዜ ሃምሳ ሰው ይገባል። ሾፌሩ የሚሰጠው ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ሁሉም ይቸኩላል፣ ሁሉም ይጣራል።

በዚያ ጥድፊያ ውስጥ አንድ ነገር ደጋግሜ አየሁ። በደህና ቃል የተቀበልነው እንግዳ ወጡ ቢዘገይ ይታገሠናል። ሲገባ ቅር ያሰኘነው ግን ደህና ምግብ በልቶም ሂሳብ ላይ ይጨቃጨቃል። ዛሬ የምሠራው ፍኖተ ሰላም፣ የቤት መሥሪያ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ነው። እዚህም ያው ነው። ራሴ የሠራኋቸውንና ሲሠሩ ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

ሰላምታን መዝለል

እንግዳው ገና ወንበር ሳይስብ «ምን ይምጣ?» እንላለን። ጊዜ ያተረፍን ይመስለናል። ጎጃም ውስጥ ግን ሰው ቤት ገብቶ ሰላም ሳይባል ሥራ አይጀመርም። ምግብ ቤትም ቤት ነው። «እንደምን ዋሉ» ብሎ «እግዚአብሔር ይመስገን» እስኪባል መጠበቅ አምስት ሰከንድ አይፈጅም። ጠረጴዛውን እየጠረጉም ማለት ይቻላል።

ተቀምጣችሁ ከሆነም ተነሱ። አያቶቻችን ትልቅ ሰው ሲገባ «ኖር» እያሉ ብድግ ይሉ ነበር፤ ገቢውም «በእግዜር» ይላል። ዛሬ ቃሉን በሱቅ ውስጥ ብዙም አንሰማውም። ብድግ ማለቱን ግን ሰው አሁንም ይጠብቃል። ከስልክ ላይ ዓይን ሳያነሱ የተባለ «ደህና ዋሉ» ከዝምታ አይሻልም።

አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ

ብዙ ሰው የሚያስቀይመው እዚህ ላይ ነው። በአማርኛ «ምን ፈለግህ?» ስትል ሰውየውን የት እንዳስቀመጥከው በግሱ ውስጥ ተናግረሃል። መልሶ መሰብሰብ አይቻልም።

ከሁሉ የከፋው ሰውን በልብሱ መለየት ነው። ኮት የለበሰው ወጣት «እርስዎ» ይባላል፤ ጋቢ ለብሰው ዱላ የያዙት አዛውንት ደግሞ «አንተ» ይባላሉ። አንድ የገበያ ቀን ያየሁትን አልረሳውም። አንድ አባት ወደ ሱቃችን ገቡ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ቁጭ እንዳለ «ምን ፈለግህ?» አላቸው። ወደ ቆርቆሮው ተመለከቱና «ለማየት ነው» ብለው ወጡ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከሌላ ሱቅ ደጃፍ አርባ ቆርቆሮ ሲያስጭኑ አየኋቸው። ዋጋው ከእኛ አይቀንስም። ልጁ ክፉ ሰው አይደለም፤ ቸኩሎ ነው። እሳቸው ግን ያንን በምን ያውቃሉ?

ከዚያ በኋላ ነገሩን ከልጁ ጋር ቁጭ ብለን ተነጋገርንበት። ሌላ አባት ሲመጡ ተነሥቶ «እንደምን ዋሉ አባቴ፣ ይግቡ» አላቸው። ቀጥሎ «ቆርቆሮው ለቤት ነው ወይስ ለአጥር?» ብሎ ጠየቀ። ይቺ ጥያቄ ጨዋታውን ከፈተችው። «ልጄን ጎጆ ላወጣ ነው» አሉ። ያኔ ምን ማሳየት እንዳለበት ወዲያው ገባው። 32 ጌጅና 35 ጌጅ አውጥቶ በእጃቸው አስያዛቸው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቆርቆሮው እንደሚወፍርም ነገራቸው። ለአጥር ቢሆን 35ቱ ይበቃቸው ነበር፤ ለልጃቸው ቤት ግን ወፍራሙን መረጡ። «ምን ፈለግህ?» ብሎ ቢጀምር ኖሮ ስለ ሠርጉ አይነግሩትም ነበር።

ዕድሜው ካልለየላችሁ መውጫ አለ። «ምን ልታዘዝ?» የምትለዋን ልብ በሏት። ግሱ የሚናገረው ስለ አስተናጋጁ ነው። እንግዳው አንተም ይሁን አንቺም፣ እርስዎም ይሁን፣ አይታወቅበትም። ነባር አስተናጋጆች የሚወዷት ያለ ምክንያት አይደለም። አባትና ልጅ አብረው ሲገቡ ደግሞ «እንደምን ዋላችሁ» ሁለቱንም ያከብራል። የሚያስቸግረው ብቻውን የመጣ የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ነው። እኔ በ«እርስዎ» እጀምራለሁ። «አንተ በለኝ» ካለኝ ደስ ብሎኝ እወርዳለሁ። ከ«አንተ» ተነሥቶ ወደ «እርስዎ» መውጣት ግን ስህተትን እንደማመን ነው፤ ሁለታችንም እናፍራለን።

መጥሪያውም ያው ነው። «ማዘር» እና «ፋዘር» ለእኩያ ጨዋታ ይሆን ይሆናል፤ ከገጠር ለመጡ እናት ግን ባዕድ ነው። «እናቴ» ይበቃል። አርባ ዓመት ያልሞላትን ሴት «እማማ» አትበሉ፤ ስትከፋ አይቻለሁ። ለካህን «አባ» ወይም «አባቴ» ነው።

ረቡዕና ዓርብ ላይ መፍረድ

አንድ ረቡዕ መንገደኛው ጥብስ አዘዘኝ። እኔም «ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው!» አልኩ። ሰውየው ሙስሊም ነበር። ጠረጴዛው ሁሉ ዞሮ አየው። ያፈርኩት እኔ ነበርኩ፣ የተጎዳው ግን እሱ ነው። ክርስቲያንም ቢሆን የታመመ አለ፣ ነፍሰ ጡር አለች። ያ የእኔ ጉዳይ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ በጾም ቀን «የጾምም የፍስክም አለን፣ የትኛው ይሁን?» እያልኩ እጀምር ነበር። የፍስክ ካልተሠራም «ዛሬ የጾም ብቻ ነው የሠራነው» ብሎ አስቀድሞ መንገር ነው። የሙስሊም ሥጋ ከሌለም ሳይጠየቁ መናገር ይገባል። ሰው ካዘዘና ከጠበቀ በኋላ ቢሰማው ያ ግማሽ ሰዓቱ አለቀ።

«የለም» ብሎ መዝጋት

«ዶሮ አለ?» «የለም።» አስተናጋጇ ቆማ ታያለች። እንግዳው ደግሞ ምን እንዳለ አያውቅም። እንደገና ይጠይቃል፣ እንደገና «የለም» ይባላል። በሦስተኛው ተነሥቶ ይሄዳል፤ ወይም ይቀመጥና ያኮርፋል።

ያለቀውን ያለውን አስከትላችሁ ተናገሩ። «ዶሮው አልቋል፤ ሽሮ አሁኑኑ ይደርሳል፣ ጥብስ ግን ሃያ ደቂቃ ይፈልጋል» ማለት ነው። ለአውቶቡስ ተሳፋሪ ዋናው ነገር ደቂቃው ነው። እውነተኛውን ንገሩት። «አሁን ይመጣል» ተብሎ ሃያ አምስት ደቂቃ የጠበቀ ሰው ጥሩምባ ሲነፋ ምግቡን ጥሎ ሲሮጥ አይቻለሁ። አንዳንዱ ከፍሎ ነው የሚሮጠው።

ሱቅ ላይም እንዲሁ ነው። ትናንት አንዲት ሴት የበር ማጠፊያ ፈልጋ መጣች። አልቆብናል። ልጁ «የእኛ አልቋል እናቴ፤ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው ሱቅ አይጠፋም» አላት። ሄደች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማጠፊያውን በእጇ ይዛ ተመለሰችና ምስማሩን ከእኛ ገዛች።