ፕሮግራሙ 10 ይላል፣ መቁረጫው 9.8 ነው፤ ኦፍሴቱን እንዴት እናስተካክል?

የተሳለ ኢንድ ሚል መቼም እንደ አዲሱ አይሆንም። ፕሮግራሙ በ10 ሚሊሜትር ተሠርቷል፣ እጅህ ላይ ያለው ግን ከስለት ተመልሶ 9.8 ሆኗል። ፕሮግራሙ ውስጥ G41 ወይም G42 ካለ እንደገና መጻፍ አያስፈልግም። ኦፍሴት ገጹ ላይ አንድ ቁጥር መቀየር ይበቃል። ችግሩ የትኛው ቁጥር እንደሆነ ነው።

መጀመሪያ ፕሮግራሙን ክፈትና አንብብ። 60 በ40 የሆነ ብረት ዙሪያውን እንቆርጣለን እንበል፣ ዜሮው የግራ ታችኛው ጥግ ነው።

```
G00 X-20. Y-20.
G01 G41 D01 X-5. F300
Y45.
X65.
Y-5.
X-20.
G40 Y-20.
```

X-5 እና X65ን ተመልከት። ብረቱ ከ0 እስከ 60 ነው፣ እነዚህ ግን በየጎኑ 5 ወጣ ብለዋል። ያ 5 የ10 ሚሊሜትሩ መቁረጫ ሬዲየስ ነው፤ ማለት ፕሮግራሙን ያወጣው የካም ሶፍትዌር ሬዲየሱን አስቀድሞ ደምሮታል። ስለዚህ D01 ውስጥ የሚገባው ልዩነቱ ብቻ ነው፦ 4.9 ሲቀነስ 5፣ ማለትም -0.1። በX-5 ፈንታ X0፣ በX65 ፈንታ X60 ብታይ ኖሮ ግን የተጻፈው የሥዕሉ ልክ ነው፣ ያኔ D01 ውስጥ ሙሉው 4.9 ይገባል።

ሁለቱን ማምታታት ዋጋ ያስከፍላል። እኔ አንዴ እንዲህ ባለ ፕሮግራም ላይ 4.9 አስገብቼ ማሽኑ ከብረቱ ርቆ አየር ሲቆርጥ ቆሜ አይቻለሁ፣ እሱ እንኳን ደግ ነው። በተቃራኒው የሥዕሉ ልክ በተጻፈበት ላይ -0.1 ብታስገባ መቁረጫው 5 ሚሊሜትር ያህል ብረቱ ውስጥ ይገባል፣ ሥራውም አበቃለት።

ቀጥሎ ማሽንህ ሬዲየስ ነው ወይስ ዲያሜትር የሚቀበለው? ሀስ ላይ Setting 40 ይነግርሃል። ፋኑክ ላይ ፓራሜትር ነው የሚወስነው፣ ግን ፓራሜትር ሳትነካካ መለየት ትችላለህ። መቁረጫውን ከብረቱ በላይ አንሳና D01 ላይ 0.2 አስገብተህ ፕሮግራሙን በአየር ላይ አንድ በአንድ አስኬደው። የግራው ጎን ላይ ሲደርስ ስክሪኑ X-5.2 ካለ ሬዲየስ ነው። X-5.1 ካለ ዲያሜትር ነው፣ እንግዲህ የምታስገባው -0.2 ይሆናል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ፕሮግራሙ እንደ እላዩ ሬዲየሱ የተደመረበት ነው፣ ማሽኑም ሬዲየስ ነው የሚቀበለው ብዬ ነው።

አሁን ወደ መቁረጡ። እኔ -0.1ን ወዲያው አላስገባም። D01ን ዜሮ አድርጌ እቆርጣለሁ፣ ምክንያቱም መቁረጫው ቀጭን ስለሆነ በየጎኑ 0.1 ያህል ብረት ይተዋል እንጂ አይበላም። ብረቱን ሳትፈታ ስፋቱን በማይክሮሜትር ለካ። 60.20 ከሆነ ትርፉን ለሁለት አካፍል፣ ቀንስ፦ -0.1። ድገመው። ብዙ ጊዜ ትንሽ ይቀራል፣ መቁረጫው እየተገፋ ስለሚታጠፍ። 60.03 ቢወጣ ግማሹ 0.015 ነው፣ D01 -0.115 ይሆናል። በካሊፐር ከለካኸው የመቁረጫ ዲያሜትር ይልቅ የተቆረጠውን ብረት ማመን ይሻላል፤ መቁረጫው ትንሽ እየወዛወዘ የሚዞር ከሆነ ከራሱ ልክ በላይ ይቆርጣል።

ምልክቱ ላይ ብዙ ሰው ይምታታል፣ በተለይ ከውጭ ጎን ወደ ኪስ ሲዞር። ሕጉ አንድ ነው። ግድግዳው ላይ ብረት ከተረፈ ወደ ኔጌቲቭ ሂድ፣ የውስጥም ይሁን የውጭ። ኪሱ ጠቦ ከወጣ ብረት ተርፏል ማለት ነው።

ፋኑክ ላይ INPUT ያለውን ቁጥር ይተካል፣ +INPUT ግን ይደምራል። -0.1 ላይ ሆነህ -0.015 ጽፈህ INPUT ብትጫን -0.1ህ ጠፋች። ቁጥሩንም ፕሮግራሙ ቆሞ እያለ ቀይር፣ ከዚያም መቁረጫው ከተጠራበት መስመር ጀምረህ አስነሳው። መሃል ላይ የቀየርከው D እንደገና እስኪነበብ ላይሠራ ይችላል።

መቁረጫው ከተጻፈው ከወፈረ፣ ለምሳሌ 10.2፣ ዜሮ ብሎ መጀመር አይቻልም፣ ስፋቱ 59.8 ሆኖ ያርፋል። መጀመሪያ +0.2 አስገባ፣ ለካ፣ ከዚያ ውረድ። የውስጥ ጥግ ካለም ተጠንቀቅ። 5.05 ሬዲየስ ያለው ጥግ ውስጥ 5.1 ሬዲየስ ያለው መቁረጫ አይገባም፣ ፋኑክም አላርም 41 ብሎ ይቆማል። ያኔ ኦፍሴቱን ማታለል አያዋጣም፣ ቀጭን መቁረጫ ፈልግ።

አላርም 34 ካየህ ደግሞ G41 ወይም G40 ቅስት ላይ ተጽፏል። ሁለቱም ቀጥ ያለ መስመር ይፈልጋሉ፣ መስመሩም ካስገባኸው ኦፍሴት የረዘመ ይሁን። እላይ ያለው ፕሮግራም መግቢያው 15 ሚሊሜትር ስለሆነ ለ-0.115 ተርፎታል።